ከአምስት አምስት ስትሰጡ ምኑን መዝናችሁ ነው? ለቃለ መጠይቅ ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በድሬዳዋ ለሚገኙ የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት ክፍሎች፣ እንዲሁም በቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ለምትሰየሙ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የቃለ መጠይቅ ነጥብ አሰጣጥን ይመለከታል

ካለፈው ቅጥር የቀረ የቃለ መጠይቅ ነጥብ ቅጽ በፋይላችሁ ውስጥ ካለ፣ ይህን ደብዳቤ ከመቀጠላችሁ በፊት አውጡትና የአንድን ተወዳዳሪ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት። የሙያ ዕውቀት 5፣ የመግባባት ችሎታ 5፣ በራስ መተማመን 5፣ ችግር ፈቺነት 4። ከታች ያለውን ደግሞ እዩት፦ 2፣ 2፣ 3፣ 2። አብዛኛው መስመር እንዲህ ጠፍጣፋ ከሆነ ኮሚቴው አራት ነገር አልለካም። አንድ ነገር ለክቶ አራት ቦታ ጽፎታል። ያ አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተወዳዳሪው ገብቶ ወንበር እስኪይዝ ድረስ በመዛኙ ልብ ያደረው ስሜት ነው።

ደብዳቤው የሚያወራው ስለ ዝምድናና ስለ ጉቦ አይደለም። እነዚያ ሌላ በሽታ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ሌላ ነው። እኛ የምናወራው እውነተኛውን ሰው ለመምረጥ ፈልጎ፣ በንጹሕ ልብ ተቀምጦ፣ ሳያውቀው ሚዛኑ ስለሚያጋድልበት መዛኝ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደመዘኑ ተመልክቶ ነበር። መኮንኖቹ የሰውየውን ቁመና፣ የማሰብ ችሎታ፣ የመምራት ብቃትና ጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ተጠይቀዋል። ነጥቦቹ ግን ከሚገባው በላይ ተያይዘው ተገኙ። በቁመናው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ በአእምሮውም በጠባዩም ከፍ አለ። ቶርንዳይክ ይህን በቅዱሳን ሥዕል ላይ ራስን ከቦ በሚታየው ብርሃን ሰየመው። በእኛ አነጋገር የአክሊለ ብርሃን ተጽዕኖ ልንለው እንችላለን፤ በስልጠና ላይ ብዙዎቻችሁ «ሃሎ ኢፌክት» ሲባል ሰምታችኋል። ሠዓሊው አክሊሉን አንዴ ከሳለ በኋላ የተሳለው ሰው እጁም ልብሱም የቅዱስ ይሆናል። ተቃራኒውም አለ፤ አንድ ጉድለት ጥላ ይጥልና ሌላው ሁሉ ይጨልማል።

ታዲያ ማወቅ ብቻ ለምን አይበቃም? ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ሙከራ መልሱን አሳይተዋል። አንድ የውጭ አገር ቅላጼ ያለው መምህር በአንድ ቪዲዮ ላይ ሞቅ ያለና ተግባቢ፣ በሌላው ላይ ቀዝቃዛና የማይቀረብ ሆኖ ቀረበ። ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው አንዱን ብቻ አዩ፤ ከዚያ መልኩን፣ ሁኔታውንና ቅላጼውን እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ሰውየው አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ቅላጼው አንድ ነው። ሞቅ ያለውን ያዩት አብዛኞቹ መልኩንና ሁኔታውን ወደዱለት፤ ቀዝቃዛውን ያዩት አብዛኞቹ ያንኑ ቅላጼ የሚያናድድ ሆኖ አገኙት። ትልቁ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ተማሪዎቹ «ሰውየውን መውደድህ ወይም አለመውደድህ በነጥቡ ላይ ተጽዕኖ አድርጓል ወይ?» ሲባሉ አላደረገም አሉ። ቀዝቃዛውን ያዩት እንዲያውም ነገሩን ገልብጠው፣ «ቅላጼው ስላናደደኝ ነው ሰውየውን ያልወደድኩት» ወደ ማለት አዘነበሉ። ስለዚህ የኮሚቴ ሰብሳቢ ጠዋት ላይ «ከአድልዎ ተጠንቀቁ» ብሎ መክፈቱ ደግ ነው፣ ነገር ግን ማንም ራሱን አይቶ ሊይዘው በማይችለው ነገር ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ ብዙ አይሠራም። መዛኙን ከመምከር ይልቅ የሚመዝንበትን አካሄድ መቀየር ይበጃል።

አሁን ወደ እኛ ከተማ እንምጣ። ድሬ ሰው ቶሎ የሚግባባባት ከተማ ናት። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ይባላል፤ ከዚራ ነው ካለ አንድ ወሬ፣ ለገሃሬ ነው ካለ ሌላ ወሬ ይከፈታል። ለኑሮ ይህ ጸጋ ነው። ለነጥብ ግን አደጋ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ከሚበላሽባቸው ደቂቃዎች ዋናዎቹ «እስቲ ራስህን አስተዋውቅ» የሚባልባቸው መጀመሪያዎቹ ናቸው። ተወዳዳሪው የተማረበትን ትምህርት ቤት ይጠራል፤ ከመዛኞቹ አንዱ እዚያው ተምሯል፣ ፈገግ ይላል። ሌላው ሳቢያን እንደሚኖር ሲሰማ ጎረቤት ያገኘ ይመስለዋል። ተመሳሳይነት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ «እሱን ልጥቀመው» ብሎ ማንም አያስብም። የሚታሰበው «ልጁ ነቃ ያለ ነው» ወይም «ከእኛ ጋር ይግባባል» የሚል ነው፤ ይህም እኔን ይመስላል ለማለት ጨዋ አነጋገር ሆኖ ያገለግላል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ እንኳ እኩል አይጠየቁም። ደስ ያለን ሰው ሲደናቀፍ «ማለትህ እንዲህ ነው፣ አይደል?» ብለን መልሱን በአፉ እናደርግለታለን። ደስ ያላለን ሰው ሲደናቀፍ ዝም ብለን እናየዋለን፣ ወይም «እ? አልተሰማም» እንለዋለን። በቃለ ጉባኤ ላይ ሁለቱም «ተመሳሳይ አምስት ጥያቄ ተጠይቀዋል» ተብሎ ይጻፋል።

መጀመሪያ የሚታየው ነገር ከሥራው ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚረሱት ጥቂት አይደሉም። ወንድ መዛኝ እጁን ሲዘረጋ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ በአክብሮት የምትመልስ ሴት ሃይማኖቷን መጠበቋ ነው፤ «ቀዝቃዛ ናት» ብሎ የሚመዘግባት አለ። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዐይኑን መሬት ላይ የሚጥል ልጅ በቤቱ ያደገበትን ሥርዓት ማሳየቱ ነው፤ ቅጹ ላይ ግን «በራስ መተማመን፦ 2» ይሆናል። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አስቦ በአማርኛ የሚመልስ ሰው ቃል እስኪመርጥ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል፤ ያ ሁለት ሰከንድ «አያውቅም» ተብሎ ይተረጎማል። በግንቦት ሙቀት ከገንደ ቆሬ በእግሩ የመጣና በባጃጅ በር ላይ የወረደ እኩል ላብ የላቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ቅጹ ራሱ አንድ ነገር እንበል። በብዙ መሥሪያ ቤት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ቅጽ «አቀራረብ»፣ «በራስ መተማመን»፣ «የመግባባት ችሎታ» እና «የሙያ ዕውቀት» የሚሉ ዓምዶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በተለያየ ስም የተጠሩ አንድ ነገር ናቸው፤ ሦስቱም ሰውየው ምን ያህል ደስ እንዳለን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቅጹ የመጀመሪያ እይታን ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል፣ ዕውቀትን አንድ ጊዜ። መዛኙ መልአክ ቢሆን እንኳ ቅጹ ያሳስተዋል። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ እነዚህን ሦስት ዓምዶች መሰረዙን ውሰዱ። ሥራው እንግዳ መቀበል ወይም ሽያጭ ከሆነ መግባባት ይለካ፤ ግን የተቆጣ ደንበኛ ጉዳይ በጥያቄ ቀርቦለት በሚሰጠው መልስ ይለካ።

ምን እንደምንል በአንድ ሥራ ላይ እናሳያችሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሊቀጠር ነው እንበል። ታሪኩን ለማስረዳት ያዘጋጀነው እኛ ነን፣ ሥራውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፣ ተወዳዳሪዎቹ ስድስት ናቸው፣ ጥያቄዎቹ አራት። አንደኛው ጥያቄ ስለ ርክክብ ነው፦ «አቅራቢ 40 ካርቶን ወረቀት አመጣ፣ የማስረከቢያ ሰነዱም 40 ይላል፤ ስትቆጥር 37 አገኘህ። ሾፌሩ ይቸኩላል፣ አለቃህም ቶሎ ፈርምለት ይላል። ምን ታደርጋለህ?» ሁለተኛው ስለ ልዩነት ነው፦ «ቢን ካርዱ 24 የፕሪንተር ቀለም አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 21 ብቻ ነው። ምንድን ነው የምታየው፣ በምን ቅደም ተከተል?» ሦስተኛው አንድ ኃላፊ ያለ መጠየቂያ ሞዴል 20 ተላላኪ ልኮ ዕቃ ሲጠይቅ ምን እንደሚደረግ ይጠይቃል። አራተኛው ስለ ሰኔ 30 ቆጠራ ዝግጅት ነው።

ጥያቄ ማውጣቱ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ተወዳዳሪ ከመግባቱ በፊት፣ ይልቁንም አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ 1 ምን እንደሚመስል፣ 3 ምን እንደሚመስል፣ 5 ምን እንደሚመስል መጻፍ ነው። ለአንደኛው ጥያቄ እንዲህ ይሆናል። «አለቃዬ ካለ እፈርማለሁ» ወይም ሳይቆጥር የሚፈርም 1 ነው። ቆጥሮ በ37 ብቻ ሞዴል 19 የሚቆርጥ፣ ስለ ጎደሉት ሦስቱ ግን ምንም የማይል 3 ነው። በ37 ሞዴል 19 ቆርጦ፣ ጉድለቱን በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ጽፎ፣ ሾፌሩን አስፈርሞ፣ ለግዢ ክፍል በጽሑፍ የሚያሳውቅ 5 ነው። 2 እና 4 በመካከል ለሚወድቁት ናቸው። የግል ድርጅት ከሆናችሁ በሞዴል 19 ቦታ የራሳችሁን የዕቃ መረከቢያ ሰነድ አድርጉት። መለኪያው ላይ «ጥሩ መልስ»፣ «በጣም ጥሩ መልስ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አልጻፋችሁም፤ ጥሩ የሚለውን ቃል ያ አክሊል ይሞላዋል። የሚጻፈው ሰውየው የሚጠራው ድርጊት ነው።

አሁን ሁለት ሰዎች ይግቡ። ተወዳዳሪ 3 ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ከሰብሳቢው ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ተወዳዳሪ 6 ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ከመመለሷ በፊት ዝም የምትል ሴት ናት። ኮሚቴው እንደተለመደው ሁሉንም ጥያቄ ጠይቆ፣ ተወዳዳሪውን አሰናብቶ፣ ከዚያ ቅጹን አንድ ላይ ሞላ። የሰብሳቢው ቅጽ ለተወዳዳሪ 3 የሚሰጠው 5፣ 5፣ 5፣ 5 ነው፤ ድምሩ 20። ለተወዳዳሪ 6 የሚሰጠው 2፣ 3፣ 2፣ 2 ነው፤ ድምሩ 9።

የሰብሳቢው ማስታወሻ ግን ሌላ ይናገራል። ማስታወሻውን ተከትለን በተጻፈው መለኪያ ጥያቄ በጥያቄ እንመዝን። በርክክቡ ላይ ተወዳዳሪ 3 በ37 ሞዴል 19 እንደሚቆርጥና ጉድለቱን በሰነዱ ላይ እንደሚጽፍ ተናገረ፣ ሾፌሩን ማስፈረምን ግን አላነሳም፤ 4 ይገባዋል። ተወዳዳሪ 6 ዘግይታ ጀምራ ቆጠራውን፣ ሞዴል 19ን፣ በሰነዱ ላይ መጻፍንና የሾፌሩን ፊርማ ጠራች፤ ለግዢ ክፍል ማሳወቅ ብቻ ቀረ። እሷም 4። በሁለተኛው ጥያቄ ተወዳዳሪ 3 የመለሰው «በኃላፊነት ስሜት አጣርቼ ከሚመለከተው አካል ጋር በመነጋገር መፍትሔ እሰጣለሁ» ብሎ ነው። ሲሰማ ያምራል፣ ግን ውስጡ ምንም የለም፤ የት እንደሚያይ አልተናገረም። 2 ነው። ተወዳዳሪ 6 በቅድሚያ ተቆርጦ ካርዱ ላይ ያልተመዘገበ የዕቃ ወጪ ሰነድ ሞዴል 22 መኖሩን፣ ቀጥሎ ከክፍል የተመለሰ ወይም ወደ ሌላ መደርደሪያ የተዛወረ ዕቃ መኖሩን፣ ከዚያ የካርዱን የመደመር ስህተት እንደምታይ፣ ሌላ ሰው እንደገና እንዲቆጥር እንደምታደርግና ካርዱን ያለ ፈቃድ እንደማታስተካክል ዘረዘረች። 5 ነው። በሦስተኛው ተወዳዳሪ 3 ተላላኪውን ሳያስከፋ፣ መጠየቂያውን እዚያው ሰጥቶ ለማስፈረም እንደሚልከው አስረዳ፤ 4። እሷ «ያለ ሞዴል 20 አልሰጥም» ብላ አበቃች፤ 3። በአራተኛው እሱ 3፣ እሷ 4 አገኙ። ድምሩ ለእሱ 13፣ ለእሷ 16 ሆነ።

አንድ ቀን፣ አንድ መልስ፣ አንድ መዛኝ፤ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ሁለተኛው ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። አክሊል ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው መልሱ ባዶ ሆኖ አነጋገሩ ባማረበት ቦታ ነው፤ «የሚመለከተው አካል» የሚለው ሐረግ ሲደጋገም ብዕራችሁን አቁሙና ተግባር ፈልጉ።

«የጽሑፍ ፈተናው 60 በመቶ ስለሆነ ቃለ መጠይቁ ብዙም አይጎዳም» የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እስቲ በቁጥር እንየው። ተወዳዳሪ 3 በጽሑፍ ከ60 ያገኘው 44 ነው፣ ተወዳዳሪ 6 ደግሞ 48። ቃለ መጠይቁ ከ40 ስለሆነ ከ20 የተገኘውን በሁለት እናባዛው። በመጀመሪያው ቅጽ እሱ 44 እና 40 ተደምሮ 84፣ እሷ 48 እና 18 ተደምሮ 66 ነው። በሁለተኛው አመዛዘን እሱ 44 እና 26፣ 70 ይሆናል፤ እሷ 48 እና 32፣ 80። በወረቀት ላይ 60 የተሰጠው ፈተና ያመጣው ልዩነት 4 ነጥብ ነው፤ 40 የተሰጠው ቃለ መጠይቅ በመጀመሪያው ቅጽ ያመጣው 22 ነው። ለቃለ መጠይቅ የደረሱ ሰዎች ተጣርተው ስለሚመጡ የጽሑፍ ውጤታቸው ተቀራራቢ ይሆናል፤ የሚለያያቸው በሰፊው የተዘረጋው ነጥብ ነው። ስለዚህ የትኛው ፈተና እንደወሰነ ማወቅ ከፈለጋችሁ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን መቶኛ ሳይሆን በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለውን ርቀት እዩ።

አካሄዱን እንዴት እንቀይር? ዋናው ነገር አንዱ ነጥብ ሌላውን እንዳያይ ማድረግ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ለእስራኤል ጦር የቃለ መጠይቅ አሠራር ሲያዘጋጅ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስድስት ባሕርያት ተመርጠው በየተራ ይጠየቃሉ፤ አንዱ ላይ ነጥብ ሳይሰጥ ወደ ሚቀጥለው አይኬድም። በኋላ በታወቀ ስሙ ብዙ ነገር ቢሠራም ለእኛ ይህ ቀላል ትእዛዝ ይበቃናል።

በተግባር ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ግማሽ ኤ4 ወረቀት አዘጋጁ። በወረቀቱ ላይ ጥያቄው፣ የ1፣ የ3 እና የ5 መለኪያ፣ ለማስታወሻ አምስት መስመርና አንድ የነጥብ ሳጥን ይኑር። የተወዳዳሪው ስም አይጻፍበት፣ ቁጥሩ ይበቃል። መልሱ እንዳለቀ አንድ ደቂቃ ዝም ተብሎ ነጥቡ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ነጥብ ስትሰጡ የመጀመሪያው ከዐይናችሁ ሥር የለም። ለሦስት መዛኝ፣ ለአራት ጥያቄና ለስድስት ተወዳዳሪ 72 ግማሽ ወረቀት፣ ማለትም 36 ሙሉ ወረቀት ነው። የዚያ አንድ ደቂቃ ዝምታ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ሰብሳቢው በመግቢያው ላይ «ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ጥቂት እንጽፋለን፣ አይጨነቁ» ካለ ተወዳዳሪውም ይለምደዋል።

«ራስህን አስተዋውቅ» የሚለውን አውጡት። በቦታው ሰብሳቢው ከወረቀት ላይ የሚያነበው የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ይግባ፦ ስንት ጥያቄ እንዳለ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ፣ ጥያቄ ይደገምልኝ ማለት እንደሚቻል። ሰላምታና ሙቀት ለሁሉም እኩል ይሰጥ፣ ነጥብ ግን የለውም። ለመደገፍ የሚባለውም አስቀድሞ ይወሰን፤ ሁለት ቃል ይበቃል፦ «ቀጥሎስ?» እና «ለምን?»። ከዚህ ውጭ እገዛ ለማንም አይደረግ። የትምህርት ማስረጃ፣ ጂፒኤና የጽሑፍ ፈተና ውጤት በመዛኞቹ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ። እነሱ በሌላ ቦታ ተመዝነዋል፤ እዚህ ከተቀመጡ ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ፣ ገና ባልተከፈተ አፍ ላይም አክሊል ያደርጋሉ። ተወዳዳሪን የሚያውቅ መዛኝ ዝርዝሩ ሲደርሰው ይናገር፤ ዘመድ ከሆነ ለዚያ ሰው ከወንበሩ ይነሣ፣ ትውውቅ ብቻ ከሆነ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

ከተወዳዳሪዎች ቅደም ተከተል የሚመጣ ሌላ ስህተትም አለ፣ እሱን በአጭሩ እናልፋለን። ደካማ ከሆነ ሰው በኋላ የገባ መካከለኛ ጎበዝ ይመስላል። በቀን ከስድስት ሰው በላይ አትጥሩ፣ የሚቻል ከሆነ ሁሉንም ከምሳ በፊት ጨርሱ። የድሬን ከሰዓት በኋላ የምታውቁ ምክንያቱን አትጠይቁንም። ሁሉም ሲያልቅ ፖስታዎቹ ይከፈቱና የስድስቱም የአንደኛው ጥያቄ ወረቀት ጎን ለጎን ይዘርጋ፣ ከዚያ የሁለተኛው። ጠዋት ለመጀመሪያው ሰው 3 የተሰጠበት መልስ ለመጨረሻው 5 ተሰጥቶት ከሆነ በዚህ ጊዜ ይታያል። የሚቀየር ነጥብ አሮጌው ሳይደለዝ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ አዲሱ ከምክንያቱ ጋር በአጠገቡ ይጻፍ።

ውይይት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መምጣት የለበትም። ተወዳዳሪው እንደወጣ ሰብሳቢው «እንዴት ነው፣ አሪፍ ልጅ ነው አይደል?» ካለ ሦስት መዛኝ የነበረው አንድ ሆነ። ኃላፊን መቃወም ከባድ በሆነበት ቤት አለቃ መጨረሻ ይናገር። ሁለት መዛኞች በአንድ ጥያቄ ላይ በ2 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ እያንዳንዳቸው የሰሙትን ቃል ከማስታወሻቸው ያንብቡ። «ተሰማኝ» ማስረጃ አይደለም። አንዱ ያልሰማውን ሌላው ሰምቶ ከሆነ ይስተካከል፤ ካልተግባቡ ልዩነቱ እንዳለ ይቆይና አማካዩ ይወሰድ። ሁሉንም ቁጥር ለማስማማት የሚደረግ ግፊት ራሱ ስህተት ነው፤ የሦስት ሰው ጥቅሙ ስህተታቸው መለያየቱ ነው።

ጠፍጣፋ መስመር ሁሉ የአክሊል ምልክት አይደለም፣ በእርግጥ በሁሉም ጎበዝ የሆነ ሰው አለ። የሚለየው ማስታወሻው ነው። 5፣ 5፣ 5፣ 5 በተጻፈበት ቅጽ ላይ ከእያንዳንዱ 5 አጠገብ መለኪያው የጠራው ተግባር ተጽፎ ከተገኘ ነጥቡ ይቆማል። «በራሱ የሚተማመን፣ ጥሩ አመለካከት» የሚል ብቻ ከሆነ አይቆምም። ሰብሳቢው ይህን ለመፈተሽ ከአንድ ተወዳዳሪ አሥር ደቂቃ አይወስድበትም።

ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይ ለምትሉ፣ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን እንደገና አስልተው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የቃለ መጠይቅ ነጥብ በኋላ ከሚታየው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ትስስር ወጥ ጥያቄና ወጥ መለኪያ ላለው 0.42፣ እንዲሁ በወሬ ለሚካሄደው 0.19 ሆኖ ተገኝቷል። 1 ፍጹም ትንበያ፣ 0 ደግሞ ዕጣ ማውጣት ማለት ነው። 0.42ም ቢሆን ከፍጹም ሩቅ ነው፤ ያም ሆኖ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል። አሠራሩ የማይደርስበትም አለ። መለኪያውን የሚጽፈው ሰው የሚፈልገውን ሰው ልምድ እያሰበ ከጻፈው መለኪያው ራሱ ያደላል፤ ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት፣ ሥራውን በየቀኑ የሚሠራ ሰው ባለበት ይጻፍ። ሆን ብሎ ሊያዳላ የተነሣንም ወረቀት አያቆመውም፤ ግን በማስታወሻና በነጥብ መካከል ያለው ክፍተት በፋይሉ ይቀራል።

ስለ ፋይሉ አንድ ጥያቄ አለን። ግማሽ ወረቀቶቹና መለኪያዎቹ ድምር ከወጣ በኋላ አይጣሉ፤ የቅሬታ ጊዜው አልፎ ውሳኔ እስኪያገኝ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይታሰሩ። ቅሬታ ያቀረበ ተወዳዳሪ የሌሎችን ስም ሳያይ የራሱን አራት ነጥቦችና ከአጠገባቸው የተጻፈውን ማስታወሻ የማየት መብት እንዲሰጠው እንጠይቃለን። በሚቀጥለው የክፍት ቦታ ማስታወቂያችሁ ላይ ይህን አንድ መስመር አድርጋችሁ እንድትጽፉትም እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በድሬዳዋ በሰው ሀብት ምልመላና ምዘና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎች
ነገ ጠዋት በር ላይ ተራ ለሚጠብቁ ተወዳዳሪዎች